የሌለችው ሞግዚት አንጓ

በዚያ ጸጉር ቤት በስሙ የሚጠራው ሰው አልነበረም፤ ሁሉም «እጀ ሐር» ይለዋል። ግራ እጁ ራስ ላይ ሲያርፍ ደንበኛው ወዲያው ያንቀላፋል ይባል ነበር። እንዲያውም አንድ ነጋዴ ጢሙን ሊላጭ ገብቶ፣ ወንበሩ ላይ ተኝቶ፣ ሲነቃ ጢሙ እንደገና በቅሎ አገኘው ይላሉ። ይህን ወሬ ያስወራው ራሱ እጀ ሐር ነው።

«መቀስማ ማንም ይይዛል» ይላል ቀኝ እጁን እንደ እንጀራ ልጅ ወደ ጎን እያደረገ። «በግም በመቀስ ይሸለታል። ጥበቡ ያለው ግራው ላይ ነው።» እውነቱን ነው። በግራ እጁ አራት ጣቶች ማጅራት ይደግፋል፣ አውራ ጣቱን ከጆሮ ኋላ ያሳርፋል፣ ከዚያ ትንሽ ገፋ ሲያደርግ የሰውየው ራስ ዘይት እንደጠጣ ማጠፊያ ይዞራል። ምላጭ ሲይዝም ቆዳውን ወጠር አድርጎ የሚያስተካክልለት ያው የግራ አውራ ጣት ነው። ዳኛው፣ ጡረታ ከወጡ በኋላ እንኳ ለማንም ራሳቸውን ዝቅ የማያደርጉት ሰውዬ፣ ለዚያ አውራ ጣት ግን ዝቅ ይሉ ነበር።

ከእጁ ቀጥሎ የታወቀው ምላሱ ነው። ወንዶቹ ጸጉር ቤቱን የሚያጣብቡት ጸጉራቸው ስላደገ ብቻ አልነበረም፤ መላጦችም ይመጣሉ። እጀ ሐር ዛሬ ማንን እንደሚያነሣ ለመስማት ነው። አንድ ቅዳሜ አንድ አስተማሪ ሕፃን ልጁን በክንዱ ታቅፎ ተራ ሊጠብቅ ገባ። እጀ ሐር መቀሱን አየር ላይ አቁሞ፣ «እሜቴ ገቡ! ኧረ ወንበር ልቀቁላቸው፤ ገና ከአራስ ቤት አልወጡም!» አለ። ሳቁ የመስተዋቱን ፍሬም አነቃነቀው። አስተማሪው አፉን ሳይከፍት ፈገግ አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሠፈሩ ስሙ «እሜቴ» ሆኖ ቀረ፤ ተማሪዎቹ ሳይቀሩ ሰሌዳው ላይ ጻፉበት አሉ። የቤቱ ጌታ፣ ሁሉም «ጋሼ» የሚሉት ሽማግሌ፣ የዚያን ቀን ከሳቁ ብዛት ሳል ይዞት ውሃ ተጎነጨ።

እንግዲህ እጀ ሐር ራሱ ልጅ ሲወለድለት የተጠመደበት ወጥመድ ይኼ ነው። ወጥመዱን የሠራው ራሱ፣ ያጠበቀው ራሱ።

ሚስቱ የልብስ ፋብሪካ ሠራተኛ ናት። የወሊድ ፈቃዷ ሲያልቅ የጠዋቱ ፈረቃ ደረሳት። እጀ ሐር ደግሞ ወንበሩ የሚጠብቀው ከሰዓት በኋላ ነው። ስለዚህ ሚስት በር ስትወጣ ባል ልጅ ይረከባል፤ ሚስት ስትመለስ ባል ልጅ አስረክቦ ወደ ሥራ ይሮጣል። በመካከሉ ያለው ጠዋት በሙሉ፣ ሌላው ሰው ጠዋት የሚለው ያ አጭር ነገር፣ ለእሱ የዓመት ያህል ይረዝማል። ልጅቱ አልጋ የሚባል ነገር አትወድም። ጀርባዋ ፍራሽ ሲነካ የእሳት አደጋ መኪና የሚያስንቅ ድምፅ ታወጣለች። ክንድ ላይ ሲያደርጋት ጸጥ፤ ሲያስተኛት እሪ። ስለዚህ አያስተኛትም።

ይህን ለጸጉር ቤቱ ወንዶች መንገር ማለት ራሱን በገዛ ምላሱ መላጨት ነው። «ልጅቷን ማን ይዟት ነው አንተ እዚህ የምትቀልደው?» ብለው ዳኛው በጠየቁት ቀን፣ ሳያስበው «ሞግዚት ቀጥረናል» አለ።

ተናግሮ ዝም ቢል ጥሩ ነበር። እጀ ሐር ግን ዝም ማለት መቼ ያውቅበታል? በሳምንቱ ሞግዚቷ ባልቴት ሆነች። በወሩ ስድስት ልጅ አሳድጋ የዳረች፣ እንቅልፍ የማታውቅ፣ ሆዷ ትንሽ፣ ክንዷ ብረት የሆነ ሴት ሆና ወጣች። «ዛሬ ምን አደረገች መሰላችሁ…» ብሎ ሲጀምር መቀሶች ሁሉ ቀጥ ይላሉ። በአንድ እጇ ልጅ ይዛ በሌላው ጡጦ አዘጋጅታ፣ በእግሯ በር ዘግታ፣ በጉልበቷ መሳቢያ ከፍታ… ሁሉም እውነት ነው፤ ሁሉንም ያደረገው ራሱ ነው። ሚስቱ የሞተችበት አንድ ባለ ሱቅ፣ «እንዲያው ፀባይዋ እንዴት ነው?» ብሎ በዘወርዋራ አስጠየቀ። «ግልፍተኛ ናት» ብሎ መለሰለት እጀ ሐር፤ ቀናበት መሰለኝ።

ሕመሙ የጀመረው በዚህ መሀል ነው።

መጀመሪያ ነገሩ የጡጦ ክዳን ነበር። በግራ እጁ ሊከፍት ሲጠመዝዝ፣ ከአውራ ጣቱ ሥር፣ አንጓው ጎን ላይ፣ አንድ ቦታ ቀስ ብሎ ወጋው። ቀጥሎ የበር ቁልፍ። ቀጥሎ የሸሚዝ ቁልፍ። ትንሽ ቆይቶ ያ ጎን እብጥ አለ፤ ሲነካው ጥርሱን ያስነክሰዋል። አውራ ጣቱን ሲከፍት እስከ ክንዱ ድረስ የጋለ ሽቦ የተሳበ ይመስለዋል።

ጸጉር ቤቱ ወዲያው የሕክምና ጉባኤ ሆነ። አንዱ «ብርድ ነው» አለ። ሌላው «ጉበት ነው፤ ጉበት በአንጓ ነው የሚወጣው» አለ። ባለ ሱቁ «ቅናት ነው» አለ፤ የማንን ቅናት እንደሆነ አላብራራም። ጋሼ ግን መሸነፍ የማይወድ ሰው ስለሆነ፣ «ሥራ ነው! ዕድሜ ልኩን ራስ ሲያዞር የኖረ እጅ!» ብሎ ፈረደ። እጀ ሐር ፍርዱን ወደደው። የክብር ቁስል ነበር። የእጁን አንጓ ብቻ በጨርቅ ጠምጥሞ አጥብቆ አሰረው፤ አውራ ጣቱ እንደ ልቡ ይወራጫል። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ያው ነው፤ ልጅቱን በሁለቱ ብብቶቿ ሥር ይገባና፣ አውራ ጣቶቹን በርግዶ፣ ወደ ላይ ያንጠለጥላታል። ራሷን ደግሞ በሙያው ልክ ይይዘዋል፦ አራት ጣት ከማጅራት፣ አውራ ጣት ከጆሮ ኋላ፣ አንጓ ወደ ውስጥ ታጥፎ። የደንበኛ ራስ አንገት ላይ ተተክሎ ነው የሚመጣው። እንቅልፍ የጣለው የሕፃን ራስ ግን ክብደቱ በሙሉ ያለው እጅ ላይ ነው። ያን ልዩነት እጀ ሐር አላሰበውም። ስንት ራስ የያዘ ሰው የአንድ ልጅ ራስ ማን ያስተምረዋል?

ሚስቱ ገና ወደ ሥራ ሳትመለስ ነግራው ነበር። «አታንጠልጥላት። ከሥሯ ግባና አንሳት» ስትለው፣ «አንቺ ደግሞ! እኔን ነው ራስ አያያዝ የምታስተምሪው?» ብሎ ስቆባታል።

ጉዱ የፈላው ዳኛው ወንበር ላይ ነው። ጢማቸው ተላጭቶ፣ ከጆሯቸው ኋላ ያለችው የመጨረሻ ጭረት ቀርታ ነበር። እጀ ሐር ቆዳቸውን ሊወጥር የግራ አውራ ጣቱን ሲገፋ፣ አንጓው ከዳው። አውራ ጣቱ ተንሸራተተ፤ ቆዳው ተመልሶ ተጨማደደ፤ ምላጩ ግን መንገዱን አልለወጠም። ቁስሏ የሩዝ ፍሬ አታህልም። ዳኛው የጮኹት ጩኸት ግን ሦስት ሱቅ አዘጋ።

«ጆሮዬን!» አሉ። «ጆሮዬን ወሰደው!»

«ኧረ ዳኛ፣ ጆሮዎ በቦታው አለ!» አለ ጋሼ ቁስሉን በፎጣ ይዞ።

«እንዴት አውቃለሁ? አልሰማህም!»

በማግስቱ ጋሼ ራሱ እጀ ሐርን ይዞ ክሊኒክ ሄደ። ከደግነቱም ነው፣ ከፍርሃቱም ነው። በዚያ ግራ እጅ ላይ የተንጠለጠለው የቤቱ ገበያ ነው።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ አጭር፣ ፈጣን፣ ወሬ የማታበዛ ሴት ናት። «መቀስ በየትኛው እጅህ ነው የምትይዘው?» አለችው።

«በቀኝ።»

«የሚያምህ ግን ግራህ ነው።»

«የእሱ ጥበብ ግራው ላይ ነው፣ እህቴ» አለ ጋሼ ከአጠገቡ፣ እሱ የታመመ ያህል እያዘነ።

አውራ ጣቱን መዳፉ ውስጥ አጥፎ በአራቱ ጣቶቹ እንዲጨብጠው አዘዘችው። ከዚያ ጭብጡን ቀስ አድርጋ ወደ ትንሿ ጣት በኩል አዘነበለችው። እጀ ሐር ከወንበሩ እስከ ኮርኒሱ ዘለለ። ማጋነን ነው ካላችሁ፣ እስከ ግማሽ ዘለለ።

«ይኸውልህ» አለች በጣቷ ያበጠውን ጎን እያመላከተች። «አውራ ጣትህን የሚስቡ ሁለት ጅማቶች እዚህ ጋ በጠባብ ዋሻ ነው የሚያልፉት። አውራ ጣት እየተበረገደ፣ አንጓ እየታጠፈ፣ ያው ነገር ሲደጋገም የዋሻው ሽፋን ይወፍራል፤ መንገዱ ይጠባል። ከዚያ ጅማቱ ባለፈ ቁጥር ይፋጫል።» ቀና ብላ አየችው። «ቤት ውስጥ ሕፃን አለ? ይኼን ብዙ ጊዜ የማየው ቀኑን ሙሉ ሕፃን በሚሸከሙ ሰዎች ላይ ነው።»

ክፍሉ ውስጥ ከሦስት ሰው ሌላ ማንም አልነበረም። ለእጀ ሐር ግን ጸጉር ቤቱ በሙሉ፣ መላጦቹም ጭምር፣ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመው መልሱን ሲጠብቁ ታየው። ጋሼ ወደ እሱ ዞሯል። «እሜቴ» የሚለው ቃል ጥርሱ ላይ ተቀምጦ የሚጠብቅ መሰለው።

«አለች» አለ። «የምትይዛት ግን ሞግዚቷ ናት።»

«አንተ አታነሳትም?»

«እሁድ እሁድ እስማታለሁ።»

«ሞግዚቷ እኮ ብረት ናት!» አለ ጋሼ። «ስድስት ልጅ ያሳደገች!»

«እንግዲያው ሥራህ ነው» አለች ባለሙያዋ፣ ግራ እጁን አንድ ጊዜ ደግማ አይታ። «ሕፃን ብትይዝ ኖሮ ስለ አያያዝ የምነግርህ ብዙ ነበር።» አንጓውንና አውራ ጣቱን አብሮ የሚይዝ ጠንካራ ማሰሪያ አሰረችለት። የጨርቅ ጥምጥሙን አወለቀችና፣ «ይኼ አንጓህን ብቻ ነው የሚይዘው፤ የታመመው አውራ ጣቱን የሚስበው ጅማት ነው፤ እሱ ካላረፈ ዋጋ የለውም» አለችው። በረዶ በጨርቅ ጠቅልሎ እያረፈ እያረፈ እንዲያስቀምጥበት፣ ለጥቂት ሳምንታትም ከሥራ እንዲያርፍ ነገረችው። «ዕረፍት ካገኘ ይሻለዋል» አለች።

ጋሼ በመንገድ ላይ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። «ዕረፍ፣ ልጄ። ወንበርህን ማንም አይነካውም። እስክትድን ለጊዜው አንድ ሰው አስገባለሁ።»

ዕረፍት! እስቲ ይህን ዕረፍት ተመልከቱ። እጀ ሐር ሥራ ስላቆመ ገቢው ቆመ። ገቢው ስለቆመ ሚስቱ የከሰዓቱንም ፈረቃ ጨመረች። ሚስቱ ፈረቃ ስለጨመረች ልጅቱ ከጠዋት እስከ ማታ እሱ ላይ ቀረች። መቀስ በያዘበት ጊዜ እጁ ቢያንስ ከሰዓት በኋላ ከልጁ ያርፍ ነበር። አሁን ሐኪም አዞለት፣ አሠሪው ፈቅዶለት፣ ቀኑን ሙሉ ይሸከማል። ማሰሪያውማ ጠዋት ይወልቃል፤ አውራ ጣቱን ስለሚይዘው በብብቷ ሥር መግባት አይመችማ። መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፣ ማታ ወደ ደጅ ሲወጣ ለሰው ዓይን ይታሰራል። በዚያ ቤት የታዘዘለትን ዕረፍት በትክክል ያገኘው ማሰሪያው ብቻ ነው።

ሕመሙ እየባሰ ሄደ። ማንኪያ ከበደው። አንድ ቀን ልጅቱን ከአልጋዋ ሊያነሳት ሁለቱን ብብቶቿን ይዞ ከፍ ሲያደርግ፣ ግራው በድንገት ባዶ ሆነ። ልጅቱ ጥቂት ተንሸራታ ፍራሹ ላይ ተመልሳ ጠብ አለች። ምንም አልሆነችም፤ እንዲያውም ጨዋታ መስሏት ሳቀች። እጀ ሐር ግን ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ሁለት ስንዝር ከፍ ብላ ቢሆን ኖሮ እያለ እጁን አየው።

ይህ በሆነ በቀናት ውስጥ፣ ሚስቱ ገብታ ጫማዋን እያወለቀች ሳለ በር ተንኳኳ። ከፈተች። ዳኛው ናቸው፤ ጆሯቸው ኋላ እስካሁን ፕላስተር ለጥፈዋል፤ ያለ ምንም ምክንያት፤ ለማስረጃ ያህል።

«እንደምን አመሸሽ፣ ልጄ» አሉ። «ባልሽ ጆሮዬን እንደቆረጠኝ ሰምተሻል። አልከሰስኩትም። ግን ልጄ ወልዳለች፤ ሰው ይቸግራታል። ካሣዬን በዚህ ልውሰድ ብዬ ነው የመጣሁት፤ ያችን ሞግዚታችሁን ለጥቂት ሳምንት አውሱን።»

«ሞግዚታችንን?» አለች ሚስት።

«አዎ፣ ባልቴቷን። እንቅልፍ የማታውቀዋን። በአንድ እጇ ጡጦ የምታዘጋጀዋን። ባልሽ እኮ ስለ እሷ ሲያወራ ከእኛ አንዱም ጸጉሩ ማለቁን አያውቅም!»

እጀ ሐር ከኋላ፣ ልጅ ታቅፎ፣ የወጥ ቤቱ በር ጥላ ውስጥ ቆሟል። አይተነፍስም። ልጅቱ ብቻ ትተነፍሳለች። ሚስቱ ዘወር ብላ ሳታየው ያወለቀችውን ጫማ በእግሯ ገፋ አደረገች።

«አሁን የለችም፣ ዳኛ» አለች። «እጇን ታማለች።»

«እሷም?»

«እሷም። ሰው ሳያይላት ስለሠራች።»

ዳኛው አዝነው፣ «እግዜር ይማራት በይልኝ» ብለው ሄዱ።

በሩ ሲዘጋ ሚስት ልጅቱን ተቀበለችው። አልጮኸችም። ቢጮኹበት ይመርጥ ነበር፤ ለጩኸት መልስ ነበረው። «እንዲህ ታመሰግናታለህ?» አለችው። «ጡጦዋን፣ በሩን፣ መሳቢያውን… ከፍተህ፣ ዘግተህ፣ ሁሉንም ለእሷ ሰጠሃት?»

«ምን ልበላቸው? ልጅ እሸከማለሁ ልበላቸው? ታውቂያቸው የለ?»

«አውቃቸዋለሁ። አንተም ከእነሱ አንዱ ነህ።» ቀኝ እጇን ዘረጋችለት። «ይኼ አንጓ ፈቃድ ላይ ሳለሁ ሲያመኝ ምን እንዳልከኝ ታስታውሳለህ?»

ያስታውሳል። «ምን ሆነሽ፣ ጸጉር ስትቆርጪ ነው የዋልሽው?» ብሏት ነበር። ቀልዱ ደስ ብሎት በማግስቱ ለጸጉር ቤቱም ነግሯል።

«እኔን አቃጥሎ አስተማረኝ» አለችው። «ማንጠልጠሉን ተውኩ፤ ከሥሯ ገባሁ፤ ዳነ። ስነግርህ ሳቅህ።»

ቀጠሮ አስይዛ፣ ከፈረቃዋ ፈቃድ ጠይቃ፣ ልጅቱን ይዛ ክሊኒክ የወሰደችው እሷ ናት። ባለሙያዋ ያበጠውን አንጓ አየች፣ ልጅቱን አየች፣ ከዚያ ሚስትየዋን አየች።

«ሞግዚቷ የታለች?» አለች።

«ይኸው» አለች ሚስት፣ በአገጯ እያመለከተች።

ባለሙያዋ አልሳቀችም። ልጅቱን መኝታው ላይ አስተኛችና፣ «አንሳትና አሳየኝ» አለችው። እጀ ሐር አውራ ጣቶቹን በርግዶ ብብቷ ሥር ሊገባ ሲል፣ «ቁም!» አለች። «ሕመምህ ያ ነው። እንደገና እንጀምር።»

መዳፎቹን ወደ ላይ አስገለበጠችው። አውራ ጣቶቹን ከሌሎቹ ጣቶች ጎን አስጠጋች። አንዱን እጅ ከመቀመጫዋ ሥር፣ ሌላውን ከትከሻዋና ከራሷ ኋላ አስገባች። «አሁን ጠጋ በል። ሰውነትህን ወደ እሷ፤ እሷን ወደ ደረትህ። አንጓህ ቀጥ ይበል። ክብደቱን ክንድህ ይሸከም፤ ክንድህ እንደ አንጓህ ቶሎ አይታመምም። ራሷን በመዳፍህ አትያዝ፤ ክርንህ እጥፋት ላይ አሳርፋት።» ደግሞ ጡጦ ስታጠባ ትራስ ከክንድህ ሥር፤ ጎን ለጎን እያቀያየርክ፤ ማዘያ ደረትህ ላይ ብታስር እጆችህ ሁለቱም ያርፋሉ፤ ስልክህን በዚያ አውራ ጣት መኮርኮሩንም ተው አለችው።

«ማዘያ?» አለ እጀ ሐር። «ደጅ ላይ? ሰው ያየኛል።»

«ቢያይህስ?»

እጀ ሐር ልጅቱን ወደ ደረቱ አስጠጋ።

«አልጋዋ ላይ ማስተኛትም ይቻላል» አለች ባለሙያዋ። «ትንሽ ብታለቅስ አጠገቧ ቁጭ በል፤ ልጅ በማልቀስ አይቀልጥም። ሰው ግን በመሸከም ይሰበራል።» ከዚያ ማሰሪያውን መልሳ አሰረችለት፤ «ይኼን መጀመሪያ የመጣህ ጊዜ ነግረኸኝ ቢሆን ኖሮ እስካሁን ሥራህ ላይ ነበርክ» አለች። ለስድብ አልነበረም፤ እንደ አየር ሁኔታ ነው የተናገረችው። ስለዚህም ይበልጥ ገባው። ሕመሙ ብዙ ስለቆየበት ሐኪሙ ጋ ላከችው፤ እብጠቱን የሚቀንስ መርፌ እዚያው ጎን ላይ ተወጋ።

ፈውሱ ቀስ ብሎ መጣ። ማሰሪያው በመጨረሻ ሥራ ጀመረ። ሚስቱ ትርፍ ፈረቃውን ተወች። እጀ ሐር ልጅቱን እንደ ዱቄት ከሥሯ ማፈስ ለመደ፣ ራሷን ክርኑ ውስጥ ማስቀመጥ ለመደ፤ አልጋዋ አጠገብ ተቀምጦ ለቅሶዋን መስማትም ለመደ። ሁለቱም አንድ ቀን ሳያስቡት አንቀላፉ። ከብዙ ሳምንት በኋላ የጡጦውን ክዳን ከፈተና ክዳኑን ለረጅም ጊዜ አየው። አውራ ጣቱን ጨብጦ ወደ ትንሿ ጣት አዘነበለ፤ ምንም የለም።

በዚያው ቀን ማዘያውን ደረቱ ላይ አሰረ። ሚስቱ ፋብሪካ ናት፣ ሞግዚት የለም፤ ጋሼን ደግሞ ዛሬውኑ ማየት አለበት። በሠፈሩ መሀል ደረቱ ላይ የሕፃን ራስ ተለጥፎ ሲሄድ፣ ዓለም በሙሉ በመስኮት የተንጠለጠለ መሰለው። የጸጉር ቤቱን በር ገፋ።

ሁሉም ነበሩ። በእሱ ወንበር ላይ ዳኛው፣ ከኋላቸው «ፈጣኑ» የሚሉት አዲስ ሰው፤ ለጊዜው የተባለው። ቶንዶሱን ሲያንቀሳቅስ ጸጉር እንደ ዝናብ ይወርዳል፤ ራስ አያዞርም፤ ራሱ ወንበሩን እየዞረ ነው የሚቆርጠው። ተራ ከሚጠብቁት መካከል አስተማሪው ተቀምጧል።

«ድኛለሁ፣ ጋሼ» አለ እጀ ሐር፣ ግራ እጁን ከፍቶ ዘግቶ እያሳየ።

ጋሼ እጁን አላየም። ማዘያውን ነበር የሚያየው። «ያኔ ሥራ ነው ስትባል እውነቱን አልነገርከኝም» አለ ቀስ ብሎ። «እኔም ሥራ ነው ብዬ ወንበርህን ያዝኩልህ። ቆየህ፣ ልጄ። በጣም ቆየህ። ሰው ለመደው።» ወደ ፈጣኑ ሳያይ ጠቆመ። «ደንበኛ ቤት አይጠብቅም፤ የቆረጠለትን ነው የሚከተለው።»

መስተዋቱ ውስጥ ዳኛው ዓይናቸውን ከፈቱ። ማዘያውን ገና አላስተዋሉም፤ መነጽራቸው ጭናቸው ላይ ነው። «አንተ ነህ እንዴ? ያች ሞግዚት እንዴት ሆነች? እጇ ዳነ?»

ተራ ጠባቂዎቹ ሁሉ ወደ ማዘያው ዞሩ። የቀድሞው እጀ ሐር ቢሆን ይህን ጥያቄ በሁለት ቃል ወደ ሳቅ ይለውጠው ነበር። እጀ ሐር በማዘያው ላይ የተኛችውን ራስ አየ።

«ድኗል፣ ዳኛ» አለ። «ሥራ እየፈለገች ነው።»

ማንም አልሳቀም። በዚያ ቤት እሱ ተናግሮ ሰው ሳይስቅ ሲቀር የመጀመሪያው ነበር። አስተማሪው ጫማውን አየ። ጋሼ ፎጣ አንሥቶ፣ ያልቆሸሸ መስተዋት ጀርባውን ሰጥቶ መጥረግ ጀመረ።

«ቦታ ሲገኝ…» አለ ወደ መስተዋቱ። «ንገራት፣ እንጠራታለን።»

እጀ ሐር በሩን ሲስብ አስተማሪው ተነሥቶ ያዘለት። ለአፍታ አጠገብ ላጠገብ ቆሙ። አስተማሪው የሚናገረው ያለ መሰለ፤ ሊል የሚችለው አንድ ቃል ነበር፤ ሁለቱም ያውቁታል። አላለውም። እጀ ሐር ያኔ ቢሰደብ ይሻለው ነበር።

ደጁ ላይ ልጅቱ ነቅታ ማጉረምረም ጀመረች። ከማዘያው ሊያወጣት ፈታት። መዳፎቹን ወደ ላይ ገልብጦ፣ አውራ ጣቶቹን ከጣቶቹ አስጠግቶ፣ ከሥሯ ገብቶ ወደ ደረቱ አመጣት። ከኋላው የቶንዶሱ ድምፅ ቀጠለ።

አንጓውን ምንም አላመመውም።